የሊድ ደንብ፦ የቀለም ፋብሪካችን የሥራ ዝርዝር

ደንቡ ሦስት ቀነ ገደብ አለው፣ የሚቆጠሩትም ከታተመበት ዕለት ነው። በ60 ቀን ውስጥ የምናመርተውን ቀለም ሁሉ እናስመዘግባለን። ከ180ኛው ቀን ጀምሮ ከ90 ፒፒኤም በላይ ሊድ ያለው ቀለም ማምረት ክልክል ነው። ከ365ኛው ቀን በኋላ መሸጥም አይቻልም። 90 ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊግራም ነው፤ በጣም ጥቂት።

የራሳችን ቀናት ከደንቡ ይቀድማሉ። የላብራቶሪ ውጤትም የአቅራቢ ወረቀትም ይዘገያሉ።

እስከ 20ኛው ቀን (መጋዘን)
☐ የእያንዳንዱን ጆንያና በርሜል ስያሜ ጻፉ። PY34 ወይም PR104 ካያችሁ ሊድ ክሮሜት ነው፤ ለብቻው አስቀምጡት።
☐ የዘይት ቀለም ማድረቂያዎችንም እዩ። ሊድ ኦክቶኤት ብዙ ጊዜ የሚረሳው እዚያ ነው።
☐ አቅራቢዎችን የሊድ መጠን የተጻፈበት የምርመራ ወረቀት ጠይቁ። «ችግር የለውም» የሚል የስልክ መልስ አንቀበልም። ወረቀቱ እስከ 40ኛው ቀን ካልመጣ ሌላ አቅራቢ እንፈልጋለን።

እስከ 50ኛው ቀን (ቢሮ)
☐ የምዝገባ ፎርሙን አስገቡ፣ ማህተም ያለበትን ኮፒ ፋይል አድርጉ።

እስከ 120ኛው ቀን (ምርት)
☐ ቢጫውንና ቀዩን በኦርጋኒክ ፒግመንት፣ ማድረቂያውን በዚርኮኒየምና በካልሲየም ቀይሩ። የመድረቂያ ሰዓቱ ስለሚለወጥ ከላይም ከውስጥም መድረቁን ፈትሹ።
☐ አረንጓዴን አትርሱ፤ የሚሠራው ከቢጫው ነው።
☐ ማደባለቂያውን ፈታችሁ እጠቡ። ባለፈው ከቢጫ ወደ ነጭ ስንዞር የመጀመሪያው ባልዲ ክሬም መስሎ ወጣ። ዘንጉ ሥር የቀረች ዱቄት ናት። ያኔ በዓይን ታየች፤ 90 ሚሊግራም ግን አይታይም።
☐ ዱቄቱን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የማጠቢያው ውሃ ፍሳሽ ውስጥ አይገባም፣ በርሜል ውስጥ ይጠራቀም። የሥራ ልብስም እዚሁ ይታጠባል። ሊድ ቤት ከገባ የሚጎዳው ልጆቻችንን ነው፣ ለእነሱ ደግሞ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም።

እስከ 150ኛው ቀን (ጥራት)
☐ ከታሸገ ቆርቆሮ የቢጫ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴና የነጭ ናሙና ለላብራቶሪ ላኩ። ለምርመራ ተብሎ የተዘጋጀ ናሙና አይላክም። አንዱ እንኳን ከገደቡ ካለፈ፣ ለማረም 30 ቀን ይኖረናል።

እስከ 330ኛው ቀን (ሽያጭ)
☐ ከመደብሮች ያልተሸጠውን አሮጌ ቀለም በባች ቁጥር ለዩና መልሱ።
☐ የተመለሰውን ከአዲሱ ጋር መደባለቅ አይፈቀድም። አደገኛ ቆሻሻ ለሚያስወግድ ፈቃድ ላለው ድርጅት አስረክቡ፣ ደረሰኙን ያዙ።

ሥራውን የጨረሰ ሰው ከሳጥኑ ጎን ቀንና ፊርማ ያስቀምጥ። ዝርዝሩ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አብረን እናየዋለን።