አስሩን ማሰር፦ የአንድ ቤትና የአስር ቤት ትምህርት ዕቅድ

አንደኛ ክፍል፣ 36 ልጆች፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ 12 ቡድን። ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ልጆቹ እስከ 50 መቁጠር ይችላሉ። ዓላማው አንድ ነው፦ 34 ላይ ያለው 3 ሦስት ፍሬ ሳይሆን ሦስት አስር መሆኑን ልጁ በእጁ ይዞ እንዲያሳይ።

አምና ትንንሽ ኩብና አስር ኩብ የሚያህል ዘንግ ያለበትን የመቁጠሪያ ብሎክ አስቀደምኩ። ልጆቹ ዘንጉን «ረጅሙ» እያሉ ጠሩት፤ ውስጡ አስር እንዳለ ግን ልብ አላሉም። ዘንግ ተሠርቶ የመጣ ነው፣ አይፈታም። እንጨት ግን ልጁ ራሱ ቆጥሮ ያስረዋል፣ ሲፈልግ ይፈታዋል። ስለዚህ ዘንድሮ እንጨቱ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ እንጨት

ለየቡድኑ 34 እንጨትና 5 ላስቲክ በከረጢት ይታደላል። ላስቲኩ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ተጨማሪ 6 እንጨት መምህሩ ዘንድ ይቆያል።

መክፈቻ (5 ደቂቃ)። ጠረጴዛ ላይ 34 እንጨት በትኑ። ሦስት ሰከንድ ያህል አሳዩና በጨርቅ ሸፍኑት። «ስንት ነው?» ሃምሳ የሚል አለ፣ መቶ የሚል አለ። መልሱን አትንገሯቸው። «ቶሎ ለማወቅ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላችሁ ሥራውን አስጀምሩ።

ማሰር (15 ደቂቃ)። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ያስራል፣ ሦስተኛው እንደገና ቆጥሮ ያረጋግጣል። አስር ሲታሰር እስር ይሆናል፤ የቃሉ ጨዋታ ልጆቹን ያስቃቸዋል፣ ይዘውትም ይሄዳሉ። ሦስት እስር ካለቀ በኋላ አራት እንጨትና ሁለት ላስቲክ ይተርፋል። አንዳንዱ ቡድን አራቱንም ያስራቸዋል። አትቆጡ። «ይሄኛው እስር ከነዚያ ጋር እኩል ነው?» ብቻ በሏቸው። እስር የሚባለው ልክ አስር ሲሞላ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ትርፉ ላስቲክ ለዚህ ነው። አሁን ሦስቱን እስርና አራቱን ፍሬ ለሦስት ሰከንድ አሳይታችሁ ሸፍኑ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሠላሳ አራት!» ይላል።

መጻፍ (10 ደቂቃ)። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቤት ይሠመራል፦ በግራ የአስር ቤት፣ በቀኝ የአንድ ቤት። ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አዙራችሁ ቆማችሁ «በግራ» ካላችሁ የእናንተ ግራ ለነሱ ቀኝ ነው፤ ከሰሌዳው ጎን ቁሙና በጣት አመልክቱ። «ሦስት እስር፣ አራት ፍሬ» እያሉ 3 እና 4ን ይጽፋሉ። እዚህ ጋ ቋንቋችን ግማሽ መንገድ ያግዛል። «አስራ ሦስት» ውስጥ አስሩ በግልጽ ይሰማል። «ሃያ» ውስጥ ግን ሁለት አይሰማም። ሃያ ሦስትን 203 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ስለዚህ ሁለቱንም አጠራር አጣምሩ፦ «ሁለት አስር ከሦስት፣ ሃያ ሦስት»።

ስድስት ሲጨመር (10 ደቂቃ)። የቆዩትን 6 እንጨቶች ስጧቸው። አራትና ስድስት አስር ሞላ፣ ታሰረ፣ ወደ አስር ቤት ገባ። የአንድ ቤት ባዶ ቀረ። «ባዶውን ዝም ብለን ብንተወው ምን ይነበባል?» 4 ብቻ! 0 የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ብሎክ

ለየቡድኑ 5 ዘንግ፣ 15 ትንንሽ ኩብ፣ አንድ ዳይስና አንድ እስር እንጨት። መቶ የሚይዘው ጠፍጣፋ ብሎክ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

መጀመሪያ (8 ደቂቃ) አስር ኩብ ደርድረው ከዘንጉ ጎን ያስተኙ። እኩል ነው? ከእስሩ አጠገብም ያስቀምጡት። ይህን ማንም አይዝለል፤ ዘንጉ አስር መሆኑን በእምነት ሳይሆን በመለካት ነው የሚቀበሉት።

ቀጥሎ ጨዋታ (20 ደቂቃ)። አንዱ ዳይስ ይጥላል፣ አንዱ ባንክ ነው፣ አንዱ ይጽፋል፤ በየተራ ይቀያየራሉ። በወጣው ልክ ኩብ ይወሰዳል። አስር ሲሞላ ባንክ ዘንድ በዘንግ ይመነዘራል። ቡድኑ 50 ሲደርስ ያሸንፋል። 3 ዘንግና 4 ኩብ ይዞ «ሰባት» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ከአንዱ ዘንግ ጎን ኩብ እንዲደረድር አድርጉት። 2 ዘንግና 14 ኩብ ይዞ «ሠላሳ አራት» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ጨዋታውን አስቁሙና ለክፍሉ እንዲያሳይ ጋብዙት። አልተሳሳተም፤ አልመነዘረም እንጂ።

መለያ (12 ደቂቃ)። ሌሎቹ ጨዋታውን ሲቀጥሉ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ጥሩ። ያልታሰሩ 25 እንጨቶች ስጡትና ቆጥሮ 25 ብሎ ይጻፍ። 2ን በጣት አሳይታችሁ «ይሄ የትኞቹ እንጨቶች ናቸው?» በሉት። ሃያ እንጨት ከለየ ገብቶታል። ሁለት እንጨት ካነሳ አታርሙት፤ ስሙን ብቻ ያዙ። የቀሩት 24 ልጆች በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ጠዋት ጠዋት ይጠየቃሉ። ሁለት እንጨት ያነሱት መቶ ቤት ከመጀመሩ በፊት ላስቲክና እንጨት ይዘው ይመለሳሉ፤ በዚህ ጊዜ 34 ሳይሆን 25 ይሰጣቸው።