ሪፈር፦ ኮርቲዞል በዝቶባታል ብዬ የጠረጠርኳት የ34 ዓመት እናት

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም
ለኢንዶክራይኖሎጂ ስፔሻሊስቱ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

ይህችን እናት የምልክልዎት ኩሺንግ ነው ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው። ስሟና የካርድ ቁጥሯ ፖስታው ላይ አለ፣ የላብ ወረቀቶቹንና ራጁንም አብሬ አድርጌያለሁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ ግን ፖታሲየሟ ዝቅ ብሏል፣ የጀርባ አጥንቷም ተሰብሮ አግኝቼዋለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ቢያዩልኝ ብዬ ነው የምለምንዎት።

የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ሐይቁ ዳር አሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ከዓመት ተኩል በፊት 61 ኪሎ ነበረች አሁን 79 ናት፣ ቁመቷ 1.58። ሰፈሩ "ደልቶሽ ነው" ይላታል፣ እሷ ግን ከበፊቱ ያነሰ ነው የምበላው ትላለች፣ እኅቷም ትመሰክራለች። መጀመሪያ እኔ ጋ የመጣችው ለፕሬዠር ነበር፣ 168/104 ሆኖ አገኘሁትና አምሎዲፒን ጀመርኩላት፣ ቀጥሎ ስኳር ሲገኝባት ሜትፎርሚን፣ ቀጥሎ እንቅልፍ አጣሁ አለቀስኩ ስትል የጭንቀት ነው ብዬ ምክር። እውነቱን ለመናገር ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ለብቻው ነው ያከምኩት፣ አንድ ላይ ሳላያይዘው ጊዜ አልፏል፣ ያ ደግሞ ይቆጨኛል።

የነቃሁት በመታወቂያዋ ነው። ካርድ ክፍል የቆየ የቀበሌ መታወቂያዋን ሰጥታ "የሷ አይደለም" ብለው መልሰዋት እያለቀሰች ገባች። ፎቶውን ከፊቷ ጎን ይዤ አየሁት፣ በእውነት ሌላ ሰው ነው። ጉንጯ ሞልቶ ጆሮዋ ከፊት አይታይም፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ከአንገቷ ጀርባና ከትከሻዋ አጥንት በላይ ስብ አለ፣ እጅና እግሯ ግን ቀጭን ነው። ከዚያ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እጅሽን ሳትደገፊ ተነሺ አልኳት፣ ሦስቴ ሞክራ አልቻለችም፣ አራተኛ ላይ ጠረጴዛዬን ይዛ ተነሳች። ለካ ከምድጃው ስር ለመነሳት ልጇን ነበር የምትጠራው፣ ማንም ግን ጠይቋት አያውቅም። ሆዷ ላይና ጭኗ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ስትሬች ማርክ አለ፣ ሰፊውን በማስመሪያ ለክቼ 1.4 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ የመጨረሻ ልጇ 7 ዓመቱ ስለሆነ የእርግዝና ነው ማለት አይቻልም። የፕሬዠር መለኪያው ጨርቅ የነካት ቦታ በማግስቱ በልዞ ነው የመጣችው። ፔሬዷ ከቀረ 6 ወር ሆኖታል፣ የእርግዝና ምርመራዋ ኔጌቲቭ ነው። አገጯ ላይ ትንሽ ጸጉር ወጥቷል ግን ድምጿ አልወፈረም። ራስ ምታት የላትም፣ የጎን እይታዋን በጣቴ ሞክሬ ደህና ነው።

ስቴሮይድ ከውጭ ይገባል ወይ የሚለውን ሦስት ቀን ለያይቼ ነው የጠየቅኳት፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። መጀመሪያ ምንም አልወሰድኩም አለች፣ በኋላ ቤት ያለውን መድኃኒትና ቅባት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ ስላት ፊት የሚያቀላ ቅባት ተገኘ፣ ቱቦው ላይ ክሎቤታዞል ይላል፣ ለ4 ወር ያህል ተቀብታለች፣ ካቆመች 5 ወር ሆኗታል። ከአንድ ክሊኒክም ለጉልበቷ ሁለት መርፌ ተወግታለች፣ ምን እንደሆነ ወረቀት አልሰጧትም፣ የመጨረሻው 9 ወር ሆኖታል። የአስም ፓፍ፣ ፕሪድኒሶሎን፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የለም፣ ኤችአይቪ ኔጌቲቭ ናት። የወሊድ መከላከያ ክኒን ወስዳ አታውቅም፣ ዴፖ ነበረች ካቆመች ዓመት አልፏል። ቅባቱን ካቆመች በኋላ መሻል ሲገባት እየባሰባት ነው የሄደው።

ዴክሳሜታዞን 1 ሚሊ ግራም ማታ 5 ሰዓት ላይ እኅቷ ፊት ዋጠች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተቀዳው ኮርቲዞል 14.2 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፣ ከ1.8 በታች መውረድ ነበረበት። ከቅባቱ ቢሆን ኖሮ የራሷ ኮርቲዞል ተጨቁኖ ዝቅ ብሎ ነበር የምጠብቀው፣ እዚህ ግን ሰውነቷ ራሱ እያመረተ ነው የሚመስለኝ። የ24 ሰዓት ሽንትም አዲስ አበባ ተልኮ ተሠርቷል፣ የላቡ ከፍተኛ ወሰን 50 ማይክሮ ግራም ሲሆን የሷ 214 ነው፣ የሽንቱ መጠን 2.1 ሊትር። የማታ የምራቅ ኮርቲዞል እዚህ አላገኘሁም።

ፖታሲየሟ መጀመሪያ 2.9 ነበር፣ ያኔ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ስለነበረች እሱ ነው ብዬ አቆምኩት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን 3.0 ሆነ። አሁን በፖታሲየም ክኒንና በስፓይሮኖላክቶን 50 ወደ 3.3 መጥቷል። ክሪያቲኒን 0.7፣ ኤችቢኤዋንሲ 8.1። ፕሬዠሯ በአምሎዲፒን 10 እና በኢናላፕሪል 20 ላይ ሆና እንኳን ትናንት 156/98 ነበር። ከሁለት ወር በፊት ድስት ስታነሳ ጀርባዋን ቀጭ አድርጓት ነበር፣ ራጁ ላይ ቲ12 ወደ ፊት ተጨፍልቋል፣ በ34 ዓመቷ።

ኤሲቲኤች አላሠራሁም። ደሙ በበረዶ ተይዞ ቶሎ ካልተለየ ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል፣ ከዚህ አዲስ አበባ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተበላሸ ውጤት ይዤ አድሬናል ነው ብዬ እንዳላሳስት ፈራሁ። ሲቲም ሆን ብዬ አላዘዝኩም፣ ምንም የማይሠራ እብጠት አድሬናል ላይ ቢገኝ ያንን ስናሳድድ ትክክለኛው ፒቱታሪ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ገንዘቧም ለሁለቱ አይበቃም። ስለዚህ ኤሲቲኤቹን እርስዎ ጋ አሠርተው የትኛው ምስል መቅደም እንዳለበት ቢወስኑልኝ። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ ጥቁረት ያየሁ መስሎኛል፣ ፎቶውን እኅቷ ስልክ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ፖታሲየሙም እንዲህ መውረዱ ስላሳሰበኝ ኤሲቲኤች ከሌላ ቦታ የሚመጣ እንዳይሆን በዚያም ዓይን ይዩልኝ። እስከ ኦፕራሲዮን ድረስ ኮርቲዞሉን የሚቀንስ መድኃኒት መጀመር አለባት ካሉ፣ ዶዙን ከጻፉልኝ ክትትሉን እዚህ እኔ እይዘዋለሁ፣ በየሳምንቱ ፖታሲየምና ስኳር ማሠራት እንችላለን።

ደም የመርጋት ስጋት ስላለ መኪናው ባቱ ሲቆም ወርዳ እንድትራመድ፣ ውሃ እንድትጠጣ፣ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቀጥታ ድንገተኛ እንድትገባ ነግሬያታለሁ። ደረቷ ንጹህ ነው፣ ሳልና ትኩሳት የላትም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ስትገባ ስለ ውፍረቷ አይጀምሩባት። ሁሉም "አትብዪ" እያላት ነው የመጣችው፣ አንድ ጊዜ ከሳምንት በላይ እህል ሳትቀምስ ቆይታ ወድቃለች። በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ስላት ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ስም አለው?" አለችኝ። አለው፣ ግን ስሙን እሳቸው ያረጋግጡልሻል ብያታለሁ።

ከእኅቷ ጋር ትመጣለች፣ አማርኛም ሲዳምኛም ትችላለች። ስልኬ ፖስታው ጀርባ ላይ ነው፣ ማታም ቢሆን ይደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የቤተሰብ ሐኪሟ፣ ሐዋሳ