ከስፌት ቤታችን ጓዳ፦ አንድ ኮት፣ ሁለት እጅጌ

የቪዲዮው ርዝመት፦ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። «ስክሪን» የሚለው ምስሉ ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣ ጽሑፍ ነው። «ከታች» የሚለው የሚነገረው ቃል ነው። በቅንፍ ያለው ድምፅ ነው።

0፡00
[መቀስ ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጥ]

ከታች፦ ይሄን ድምፅ ደንበኛ አይሰማውም። እሱ ሲመጣ ኮቱ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ነው የሚጠብቀው።

ስክሪን፦ ዛሬ ጓዳ እንግባ

0፡12
ስክሪን፦ ልክ መውሰድ

ከታች፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት። ይሄን ማንም ይለካል። ሰፊያችን ጋሼ ግን ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው መጀመሪያ ከሰውዬው ኋላ ይቆማሉ። ዝም ብለው ያዩታል።

ጋሼ፦ ደረትህን አትንፋ ልጄ። አሁን የነፋኸው ደረት ኮቱን ስትለብስ አይኖርም።

[ሳቅ]

ስክሪን፦ ቀኝ ትከሻ፦ 1 ሳንቲም ዝቅ ያለ

ከታች፦ ብዙ ሰው ትከሻው እኩል አይደለም። መስታወት ፊት ቆማችሁ እዩት። ይቺን 1 ሳንቲም ግን ያዙልኝ፤ በኋላ ያለጥፋቷ ትከሰሳለች።

0፡45
[የካውያ እንፋሎት]

ስክሪን፦ ገና ሳይቆረጥ ይተኮሳል

ከታች፦ ሱፍ እንፋሎት ሲያገኝ ይሰበሰባል። ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብብን አሁኑኑ ይሰብሰብ።

ስክሪን፦ ድሩ በቁመት፣ ማጉ በአግድም

ከታች፦ የመቁረጫ ሞዴሉ ጨርቁ ላይ የሚነጠፈው የድሩን መስመር ተከትሎ ነው። ጨርቅ ለመቆጠብ ብለህ ትንሽ ካዘነበልከው ኮቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ጎን ይጠመዘዛል።

ስክሪን፦ ጠመኔ አይደለም። ሳሙና ናት።

ከታች፦ ጋሼ ያለቀች ሳሙና አይጥሉም። ስትሳሳ ጫፏ ይሾላል፤ ቀጭን መስመር ታሰምራለች። ካውያ ሲያርፍባት ደግሞ ትጠፋለች። እኔ ባለቀለም ጠመኔ ገዝቼላቸው ነበር። እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ አለ።

1፡25
[የስፌት መኪና፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት]

ስክሪን፦ የላይ ክር + የታች ክር

ከታች፦ ቀረብ በሉ። መርፌዋ ጨርቁን በስታ ትወርዳለች። ተመልሳ መነሳት ስትጀምር ክሩ ከኋላዋ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከታች ያለው መንጠቆ ያቺን ቀለበት ለቀም ያደርግና የታች ክር በተጠቀለለባት ቦቢን ዙሪያ ያሳልፋታል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። ይሄ ሁሉ ዓይናችሁን እስክታርገበግቡ ነው።

ስክሪን፦ የታች ክር ከላይ ከታየ፦ የላይኛው ከሯል፣ ወይም የታችኛው ላልቷል

ከታች፦ በነገራችን ላይ፣ መኪናውን ሁሉ «ሲንጀር» እንለዋለን አይደል? የሰውዬው ስም ነው። አይዛክ ሲንገር የስፌት መኪናውን ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የኛዋ ላይ ሌላ ስም ተጽፎባታል። ግን ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

2：05
ስክሪን፦ የመጀመሪያው ልኬታ

ከታች፦ ኮቱ አሁን የቆመው ለጊዜው በእጅ በተሰፋ ነጭ ክር ነው። ሳብ ቢያደርጉት ይፈታል። ለዚህ ልኬታ የምንሰካው አንድ እጅጌ ብቻ ነው፤ የቀኙን።

[ዝምታ]

ስክሪን፦ አንድ ነገር ልክ አይደለም…

ከታች፦ ደንበኛው እጁን ሲዘረጋ ጥሩ ነው። ሲያወርደው እጅጌው ወደ ኋላ ይሄዳል። ክንዱ ላይ ሰያፍ እጥፋት ይወጣል። ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያልነው፤ «ያቺ 1 ሳንቲም ናት!» እኔ ራሴ ትከሻውን ለመፍታት መቀስ አንስቼ ነበር።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ ና እስቲ። ይሄ የማን እጅጌ ነው?

ተማሪው፦ የ… የሳቸው ነው ጋሼ።

ጋሼ፦ የሳቸውማ ነው። የየትኛው እጃቸው?

[ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ሁሉም ሲስቁ]

ስክሪን፦ ቀኝ ትከሻ ላይ የግራ እጅጌ

ከታች፦ ሰው ዘና ብሎ ሲቆም እጁ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ክርኑ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። የኮት እጅጌም እንደዚያው ተቆልምሞ ነው የሚቆረጥ። ቦታ ከቀያየርከው ወደ ኋላ ይቆለመማል። ጠረጴዛ ላይ ሲተኙ ግን መንትያ ናቸው፤ ሳያመሳክሩ ካነሷቸው እኔንም ሸውደውኛል። ያውም ተማሪ ሳልሆን።

ደንበኛው፦ እኔ እጄ ነው የተጣመመ ብዬ ደንግጬ ነበር እኮ!

3፡00
[ክር ሲበጠስ፣ ጠቅ… ጠቅ…]

ስክሪን፦ መፍታት

ከታች፦ በቪዲዮ ላይ የማይታይ ሥራ ይሄ ነው። በየሦስት አራት ጥልፉ አንዱን መበጠስ፣ ከዚያ ከሌላው ወገን ክሩን መሳብ። ጨርቁን ይዞ መጎተት የለም፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ቁርጥራጭ ክሩ በመዳፍ ይለቀማል።

ስክሪን፦ አሁን የቀኙ እጅጌ። ለቀኙ።

ከታች፦ እዚህ ጋ አንድ ምሥጢር አለ። የእጅጌው አናት ከሚገባበት ክብ ይበልጣል። በዚህ ኮት ላይ በ3 ሳንቲም። ትርፏ ካልኖረች ደንበኛው እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ትከሻው ላይ ይይዘዋል። ግን ሽብሽብ ሆና መታየት የለባትም።

ስክሪን፦ 3 ሳንቲም የት ገባች?

ከታች፦ ጋሼ አናቱን በጥቃቅን ጥልፍ ሰብሰብ ያደርጉታል፣ በእንፋሎት ያረጥቡታል፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው እያባበሉ ይጫኑታል። ሱፉ ይታዘዛል። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ እሺ አይልም ነበር።

ጋሼ፦ አየኸው? ሽብሽብ አለ?

ተማሪው፦ የለም።

ጋሼ፦ ምልክት አድርግበት አሁን። «ቀ» ብለህ ጻፍ። በትልቁ!

3፡55
ስክሪን፦ ገበር ✓ ኪስ ✓ ኮሌታ ✓

ከታች፦ ይሄን በፍጥነት አሳለፍነው። ኮሌታው ብቻ ግማሽ ቀን ወስዷል፤ ለብቻው ሌላ ቪዲዮ ይወጣዋል።

4፡08
ስክሪን፦ ቁልፍ ጨርቁ ላይ አይለጠፍም

ከታች፦ ቁልፍ ስትተክሉ ከስሩ ክብሪት እንጨት አድርጉ። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ እንጨቷን አውጡና የተረፈውን ክር በክር ጠምጥሙት። ትንሽ አንገት ይኖረዋል። ኮቱ ሲቆለፍ ወፍራሙ ጨርቅ የሚያርፈው እዚያ አንገት ላይ ነው። አንገት የሌለው ቁልፍ ጨርቁን ይጎትታል፤ ቶሎም ይበጠሳል።

4፡26
[የመጨረሻ ካውያ፤ መስቀያ ሲንጠለጠል]

ስክሪን፦ ሁለተኛው ልኬታ

ደንበኛው፦ እጄ ተስተካክሏል!

ጋሼ፦ እጅህ ድሮም ደህና ነበር።

4፡38
[ማግኔት መሬት ላይ ሲጎተት፤ ስፒሎች ሲጣበቁ]

ስክሪን፦ የቀኑ መዝጊያ

ከታች፦ ማታ ማታ ማግኔት በገመድ አስረን ወለሉን እንዞራለን። የዛሬ ተረኛ ማን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ተማሪው፦ 23 ስፒል!

ጋሼ፦ ጠዋት 24 ነበሩ። ፈልግ።

ከቪዲዮው ስር የሚለጠፈው ጽሑፍ

አንድ ኮት ስንሰፋ ካሜራውን ጓዳ አስገባነው። ያላሰብነው ነገር ተቀረጸ፤ ልናጠፋው ነበር፣ ጋሼ ናቸው «ተዉት፣ ይታይ» ያሉት። ደንበኛችንም ፈቅደውልናል። 2፡05 ላይ ከጋሼ በፊት ችግሩን ያገኘ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍ። 24ኛዋ ስፒል ተገኝታለች፤ የኔ ጫማ ውስጥ ነበረች።