ከአያት ሜክሲኮ፦ ሰኞ የምንጀምረው ጉዞ

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ዋላችሁ? ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ እንዴት እንደሆነ እያያችሁት ነው። የታክሲው ሰልፍም ያው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለታችሁ አርፍዳችሁ ስትገቡ እኔ መኪናዬን ባዶ እየነዳሁ ነበር የመጣሁት፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ስለዚህ ከሰኞ መስከረም 12 ጀምሮ አብረን እንሂድ። ነጯ ቪትዝ ከእኔ ጋር ልክ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ከዚያ በላይ አልጭንም።

ሰላም፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ 12:40 አያት አደባባይ። ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎን 12:50 ሲኤምሲ ሚካኤል ጋ፣ ከታክሲ መጫኛው ትንሽ አለፍ ብዬ አነሳዎታለሁ። ጉልበትዎን ስለሚያምዎት ጋቢናው የእርስዎ ነው። ምህረት 1:00 ሰዓት ጉርድ ሾላ። እባክሽ ወደ መገናኛ በሚወስደው በኩል ተሻግረሽ ጠብቂኝ፤ መሃል ላይ ባቡሩ ስላለ ማዶ ከቆምሽ ዞሬ ለመምጣት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ የሁላችንም ሰዓት ይሄዳል። ሄኖክ፣ መገናኛ ላይ መቆም አይታሰብም፣ ትራፊክ ይቀጣኛል። ለም ሆቴል ድረስ በእግርህ ና፣ 1:15 እዚያ ነኝ። መንገዱ ካልከፋ 1:50 ቢሮ በር ላይ እንሆናለን፣ 2:00 ሰዓት ሳይሞላ እንፈርማለን።

የምጠብቀው 3 ደቂቃ ነው። ክፋት አይደለም፤ አያት ላይ 5 ደቂቃ ከዘገየን ለም ሆቴል ስንደርስ 20 ይሆናል፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የማይመጣ ሰው ማታውኑ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ይደውል፣ እየነዳሁ ቴሌግራም አላይም። ማታ 11:15 ከቢሮው በር እንነሳለን። የሚያመሽ ሰው ካለ እስከ 10:00 ይንገረኝ።

አርብ መስከረም 16 ደመራ ነው። ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት መንገዶች ስለሚዘጉ ያን ቀን መኪና አላወጣም፣ ሁላችሁም የራሳችሁን መላ ምቱ። ደመራ የምትሄዱ ካላችሁ ግን ከቢሮ አብረን በእግር እንሂድ፣ እኔ እሄዳለሁ።

የነዳጁን ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በሳምንት ወደ 2,000 ብር ይፈጃል፣ ለአምስት ሲካፈል 400 ይደርሰናል፣ እኔም እከፍላለሁ። በዚህኛው ሳምንት የምንጓዘው አራት ቀን ስለሆነ 320 ብር ብቻ ነው፣ ሐሙስ ማታ በቴሌብር ላኩልኝ። የዘይትና የጎማው ወጪ የእኔ ነው፣ እሱን አትጠይቁኝ። ወር ሳይደርስ እጅ የሚያጥረው ሰው ለብቻ ይንገረኝ፣ በዚህ ምክንያት ማንም ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

ሰዓቱ ወይም ቦታው የማይመቸው ካለ እስከ እሁድ ማታ 2:00 ይጻፍልኝ፣ የተስማማም "እሺ" ይበለኝ። ጋሽ ታደሰ ቴሌግራም ብዙም ስለማያዩ ሰላም ደውለሽ ንገሪልኝ።