ከደጅ የቀረው ማን ነው?

ናሆም፦ ግጥሟን አነበብሻት? ከፊታችን ትሁን፣ እንደገና ልጻፋት።

በሩን አልዘጋሁም ቁልፉን ወረወርኩት፣
መብራቱን አጥፍቼ ጥላዬን ጠበቅኩት፤
ደርሶ ስሜን ቢለኝ የራሱን ነገርኩት፣
አምኖ ገባ ከቤት እኔን ከደጅ ተውኩት።

ሩት፦ አንብቤያታለሁ። ማንነቱን ለሌላ አስረክቦ ስለወጣ ሰው ናት።

ናሆም፦ በፍጹም! የሐዘን ግጥም ናት እንጂ። የምትናገረው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። "ጥላ ከለላዬ ነበር" ይባል የለ? ሰሙ መሬት ላይ የሚያርፈው ጥላ ነው፣ ወርቁ ባሏ። ይመጣል ብላ ስለምታስብ በሩን አትዘጋም፣ ቁልፉን የወረወረችው ደግሞ ከእንግዲህ ላትቆልፍ ነው። ይሄ ሁሉ ካልታየሽ ምን ልበልሽ።

ሩት፦ ቆይ፣ ሴት ናት ያለህ ማን ነው? "አጥፍቼ"፣ "ነገርኩት" ወንድም ይለዋል ሴትም ትለዋለች። ባልየውንም ሚስቲቱንም ያመጣሃቸው አንተ ነህ።

ናሆም፦ እሺ፣ ልጅ ይሁን፣ አባቱን የሚጠብቅ። ለውጥ የለውም፤ የሞተ ሰው እየተጠበቀ ነው።

ሩት፦ አለው እንጂ! ሦስተኛው መስመር ላይ ምን ልትል ነው? የሚጠበቀው ሰው ደርሶ ስም ይጠይቃል። አባት ልጁን "ስምህ ማን ነው" ይላል?

ናሆም፦ ሞት ያስረሳል። እኔን ያሳዘነኝም እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ የጠበቅሽው ሰው መጥቶ አያውቅሽም። "የራሱን ነገርኩት" ማለት ደግሞ "የአንተ ነኝ" ማለት ነው። በስሙ ነው የምትጠራው፣ ሌላ ስም የላትም።

ሩት፦ ያምራል፣ እውነት። ግን "አምኖ ገባ" ይላል እኮ። አመነ የሚባለው ሊጠረጠር የሚችል ነገር ሲነገር ነው። እዚህ ውስጥ ማታለል አለ። የሚያዝን ሰው የናፈቀውን ያታልላል?

ናሆም፦ ታዲያ አንቺ ደግሞ ሁለተኛውን መስመር አስረጂኛ። መብራት ከጠፋ ጥላ የለም። የሌለ ነገር እንዴት ይጠበቃል? የእኔ ሟች ግን በጨለማ ይመጣል።

ሩት፦ መብራት ሲኖር ጥላ ከእግርህ ጋር የታሰረ ነው፤ ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። መብራቱን ስታጠፋ ትፈታዋለህ። ለዚህ ነው "ደርሶ" የሚለው። ከሌላ ቦታ በራሱ እግር ነው የመጣው። ሰውየው ሆን ብሎ ለቀቀው፣ ከዚያ ቤቱን ሰጠው።

ናሆም፦ ግጥም ሁሉ ስለ ማንነት መሆን አለበት እንዴ?

ሩት፦ ግጥም ሁሉስ ሰምና ወርቅ መሆን አለበት? አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ብቻ ወርቁን አገኘሁ ብለህ የቀሩትን መስመሮች ረሳሃቸው። መጨረሻውን እይ። "እኔን ከደጅ ተውኩት"። ይሄ ሰዋስው ነው?

ናሆም፦ ቤት ለመምታት ነዋ። የቀደሙት ሦስቱም መስመር በ"ኩት" ነው ያለቀው፣ ምን ያድርግ?

ሩት፦ እንደዚያ እንዳትል። ግጥሟ ወል ቤት ናት፣ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ በየግማሹ ስድስት ስድስት ቀለም። "ራሴን ከደጅ ተውኩት" ቢል ቀለሙ አይጎድልም፣ ቤቱም ይመታል፣ ሰዋስውም ይስተካከላል። ትክክለኛው ቃል እጁ ላይ እያለ "እኔን" አለ። ስለዚህ ሆን ብሎ ነው። የሚናገረው "እኔ"ን እንደ ሌላ ሰው፣ "እሱን" እንደሚል አድርጎ ነው የሚጠራው። ታዲያ ይሄን የሚነግረን ማን ነው? ውስጥ የገባው ጥላ ይመስለኛል።

ናሆም፦ ...ይሄ አልታየኝም ነበር። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። በሩ አልተዘጋም፣ ቁልፉም ተጥሏል። ደጅ የቀረው "እኔ" ተመልሶ እንዳይገባ ምን ከለከለው? ማንም አልቆለፈበትም እኮ።

ሩት፦ ገብቶ ማን ነኝ ይላል? ስሜ ብሎ የተናገረው የሌላውን ነው። የራሱን ስም ግጥሟ ውስጥ አንድም ቦታ አልሰማንም።

ናሆም፦ እሺ፣ አራተኛው መስመር ያንቺ ይሁን። የመጀመሪያውን ግን አልለቅልሽም። ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው ክፍት ይተወዋል እንጂ ቁልፍ እስከ መወርወር ምን አደረሰው? እዚያ ውስጥ ናፍቆት አለ፣ አንድ የሚመጣ ሰው አለ።

ሩት፦ ናፍቆት አለ፣ እሱን አልክድም። ቁልፉ ለእኔም አልተፈታልኝም። ማታ እንደገና አነበዋለሁ፣ አንተ ደግሞ ባልየው ስም የጠየቀበትን ምክንያት አስበህ ና። "ሞት ያስረሳል"ን አልቀበልም፤ ግጥሟ ውስጥ የለማ።

ናሆም፦ ሞት ራሱስ የታለ ልትይኝ ነው አይደል?

ሩት፦ አዎ፣ የታለ?