የ2019 ዓ.ም. በዓላት እና ሊገፉ የሚችሉ ቀኖች

ለ፦ መላው የዳቦና ብስኩት ፋብሪካ ሠራተኞች
ከ፦ የሰው ሀብት ክፍል
ቀን፦ ነሐሴ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ፣

የመጪው ዓመት በዓላት እነሆ። ኮከብ ያለባቸው በጨረቃ የሚወሰኑ ናቸው፤ በይፋ ሲታወጅ በአንድ ቀን ሊገፉ ይችላሉ። የቀሩት አይነቃነቁም።

መስከረም 1፣ ዓርብ፦ እንቁጣጣሽ
መስከረም 17፣ እሑድ፦ መስቀል
ታኅሣሥ 29፣ ሐሙስ፦ ገና
ጥር 11፣ ማክሰኞ፦ ጥምቀት
የካቲት 23፣ ማክሰኞ፦ ዓድዋ
* የካቲት 30፣ ማክሰኞ፦ ዒድ አል ፈጥር (ወይም መጋቢት 1፣ ረቡዕ)
ሚያዝያ 22፣ ዓርብ፦ ስቅለት
ሚያዝያ 23፣ ቅዳሜ፦ የሠራተኞች ቀን
ሚያዝያ 24፣ እሑድ፦ ፋሲካ
ሚያዝያ 27፣ ረቡዕ፦ የአርበኞች ቀን
* ግንቦት 8፣ እሑድ፦ አረፋ (ወይም ግንቦት 9፣ ሰኞ)
* ነሐሴ 8፣ ቅዳሜ፦ መውሊድ (ወይም ነሐሴ 9፣ እሑድ)

አረፋ ብዙ አያስቸግርም። የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየች በኋላ በ10ኛው ቀን ስለሚውል ከሳምንት በላይ ቀድመን እናውቀዋለን፣ ፈረቃውንም ተረጋግተን እናስተካክላለን። ዒድ አል ፈጥር ግን የሚቆረጠው ዋዜማው ምሽት ላይ ነው። ሰኞ የካቲት 29 ማታ ጨረቃ ከታየች በዓሉ ማክሰኞ ነው፤ ካልታየች ረመዳን 30 ይሞላና ረቡዕ ይሆናል። የምንከተለው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትን መግለጫ ብቻ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ቀድሞ የሚዞረውን ይዛችሁ እንዳትቀሩ፣ እንዳትመጡም።

የሚያሳስበን የዚያ ሰኞ የሌሊት ፈረቃ ነው። ሊጥ ተቦክቶ ምድጃው ከጋለ በኋላ ማንም ጥሎ መሄድ አይችልም፣ በዓሉን በማሽን ሥር ማሳለፍ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ሙስሊም ባልደረቦቻችንን፣ ራሳቸው ካልፈለጉ በቀር፣ በዚያ ሌሊት አንመድብም። መግለጫው እንደወጣ የፈረቃ ኃላፊዎች በስልክ ይደውላሉ፣ በቴሌግራም ግሩፑም ይለጠፋል፤ ሰርቪሱም በዚያው መሠረት ይወጣል ወይም ይቀራል። በዓሉ መጋቢት 1 ላይ ከዋለ የበዓል ሥራ ክፍያው ከየካቲት ሳይሆን ከመጋቢት ደመወዝ ጋር ይገባል፣ ጎደለብኝ ብላችሁ እንዳትደናገጡ።

ክፍያን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በበዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ያገኛል። መስቀልና ፋሲካ እሑድ ስለዋሉ ግን በሌላ ቀን አይተኩም።

ከሚያዝያ 22 እስከ 27 ባሉት 6 ቀናት ውስጥ 4 በዓል አለ። መሃል ያሉትን ሰኞና ማክሰኞ በዓመት ፈቃድ ይዞ አገር ቤት ለመሄድ የሚያስብ ብዙ ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፣ ሁሉንም ማስተናገድ ግን አንችልም፤ ዳቦ በፋሲካ ሰሞን የበለጠ ነው የሚፈለገው። በ2019 ፋሲካ የሠሩ በ2020 ቅድሚያ ያገኛሉ፣ ማመልከቻውም እስከ መጋቢት 15 ለቅርብ ኃላፊያችሁ ይግባ።