የምርት ሥራ አስኪያጃችን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት፦ የሁለት ዓመት ተተኪ የማፍራት ዕቅድ

ለማኔጅመንት አባላትና ለክፍል ኃላፊዎች
ከሰው ኃይል አስተዳደር
ገላን፣ ሐምሌ 2018 ዓ.ም.

የዱቄት ፋብሪካችን የምርት ሥራ አስኪያጅ ሐምሌ 2020 ላይ 60 ዓመት ይሞላቸዋል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ በሕግ የታወቀ ስለሆነ ድንገተኛ ነገር የለውም። «ግድ የለም፣ በኮንትራት እናራዝማቸዋለን» የሚል ወሬ ከአሁኑ እሰማለሁ። ይህን እንደ ዕቅድ አንያዘው። እሳቸው ማረፍ እንደሚፈልጉ በግልጽ ነግረውናል። ደግሞ ብናራዝም እንኳ ያው ጥያቄ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። ግን ዋናው የስንዴ ምርት የሚገባው በዓመት አንዴ ነው፣ ስለዚህ ተተኪው ከእሳቸው ጎን ሆኖ ስንዴ የሚገዛበት ዕድል ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለን። መቸኮላችን ከዚህ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር አብሮ የሚወጣው ምን እንደሆነ እንወቅ። የሥራ መደብ መግለጫቸው ላይ ያለው «ምርትን ይመራል፣ ይቆጣጠራል» የሚለው ምንም አይነግረንም። ከአርሲ ወይም ከባሌ የጫነ መኪና በር ላይ ሲቆም የሚያደርጉትን እዩ። ከሦስት አራት ጆንያ ይዘግናሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ከዚያ የላብራቶሪው የእርጥበት ውጤት ይመጣል፣ ሁለቱን አገናዝበው ስንዴው ከመፈጨቱ በፊት ስንት ውሃ እንደሚጠጣና ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ይወስናሉ። አንዳንዱ 12 ሰዓት ይበቃዋል፣ ጠንካራው እስከ 24 ሊፈልግ ይችላል። ውሃው ካነሰ ፉርሽካው ተሰባብሮ ዱቄቱ ውስጥ ይገባና ዱቄቱ ይጠቁራል፣ ዳቦ ቤቶች በማግሥቱ ይደውላሉ። ከበዛ ወንፊቱ ይደፈናል። መብራት በፈረቃ መሃል ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ማሽኖቹ ውስጥ የቀረው እህል መጽዳት አለበት፣ ሲነሳም ከመጨረሻው ማሽን ወደ መጀመሪያው ነው፣ አለበለዚያ መስመሩ ይታነቃል። ቅደም ተከተሉን ሁሉም ፈረቃ ኃላፊ ያውቀዋል። ነገር ግን የሆነ ቦታ እምቢ ሲል የሚደወለው ለእሳቸው ነው።

ከዚህ ውስጥ የሚጻፈው ይጻፋል። የማሽን አነሳስ፣ የሮለር መፈተሻና መቀየሪያ ጊዜ፣ የመለዋወጫ አቅራቢዎች ዝርዝር፣ እነዚህን የጥገና ክፍል ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ እስከ ታኅሣሥ 2019 ይጨርስ። ስንዴ መለየት ግን በወረቀት አይተላለፍም። አጠገባቸው ቆሞ መማር ያስፈልጋል።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ፣ ሁለት እጩዎች አሉን። አንዷ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊያችን ናት። የምግብ ምህንድስና ተምራለች፣ ቁጥር ትወዳለች፣ ስህተት ስታይ አትደባብስም። ፈረቃ መርታ ግን አታውቅም። ሌላው የሌሊት ፈረቃ ኃላፊው ነው። ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገብቶ፣ ማታ ማታ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ሮለር ሲደክም በድምፁ ይለያል፣ ሠራተኛውም ይሰማዋል። በጀትና ሪፖርት ላይ ግን ገና ነው። የጥገና ኢንጂነሩንም ጠይቀነዋል፣ ከማሽን መራቅ አልፈልግም ብሏል፣ እናከብርለታለን። የአገልግሎት ዘመን ብቻ ተቆጥሮ ሌላ ሰው እንዲጨመር የመጣውን ሐሳብ አልተቀበልኩትም። ብዙ ዓመት መሥራት ያስመሰግናል፣ ለዚህ ወንበር ግን በቂ አይደለም።

ለሁለቱም በግልጽ እንንገራቸው። እጩ ናችሁ፣ ቃል የተገባላችሁ ነገር የለም፣ ውሳኔው ሰኔ 2019 ላይ ነው። ብንደብቀው ወሬው በሰርቪስ መኪና ውስጥ ቀድሞ ይደርሳቸዋል፣ ያኔ ደግሞ ተጣምሞ ነው የሚደርሰው። ያልተመረጠው እንዳይለቅም ከአሁኑ እናስብ። የእኔ ሐሳብ ምክትል የሚባል መደብ ከነደመወዝ ማስተካከያው በ2020 በጀት እንዲያዝ ነው። ከሁለቱ አንዱን ማጣት ለእኛ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ከመስከረም 2019 ጀምሮ ሁለቱም የሚጎድላቸው ቦታ ይገባሉ። እሷ ስድስት ወር ፈረቃ ትመራለች፣ ሌሊትም ጭምር። ስለዚህ ትራንስፖርት ክፍል የሌሊት ሰርቪሱ ቤቷ ድረስ እንዲያደርሳት መስመሩን ያስተካክል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ካልተስተካከለ ዕቅዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰናከላል። እሱ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ከግዥ ቡድኑ ጋር አሰላና ሮቤ ይወርዳል፣ ሲመለስ የምርት በጀቱን ከፋይናንስ ጋር ቁጭ ብሎ ያዘጋጃል። ኤክሴል እንዲማር ክፍያውን እንሸፍናለን። ስንዴ ሲገባ ሁለቱም፣ በየተራ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ግምት ጽፈው ይይዛሉ፣ ከዚያ የሥራ አስኪያጁን ውሳኔ ይሰማሉ፣ ልዩነቱ ላይ ይነጋገራሉ። ከሥልጠናው ሁሉ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ሥልጣን ሳንሰጥ ኃላፊነት አንጫን። እያንዳንዳቸው በተራቸው እስከ 150,000 ብር የመለዋወጫ ግዥ በራሳቸው ፊርማ ያጸድቃሉ። የወሰኑትን ውሳኔ ማንም ሠራተኛ ፊት አይሽርባቸው። ቅሬታ ያለው በሩን ዘግቶ ይንገራቸው።

የሥራ አስኪያጁ ፈቃድም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የዓመት ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ እንዲራዘም አይፈቅድም፣ እሳቸው ግን ሁሌ «ሥራ አለ» እያሉ ይገፉታል። ከጥቅምት ጀምሮ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሳምንት ይውጡ፣ ስልካቸውንም ይዝጉ። አንዴ እሷ፣ አንዴ እሱ ይወክላቸዋል። ሲመለሱ ተወካዩ አንድ ገጽ ይጽፋል፦ ምን ገጠመ፣ ምን ተወሰነ፣ እሳቸው ስለሌሉ ብቻ ምን ቆመ። ያ የቆመው ነገር የሚቀጥለው ወር የሥልጠና ርዕስ ይሆናል።

ሰኔ 2019 ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ፋይናንስና እኛ ተቀምጠን እንወስናለን። የምናየው ከ100 ኪሎ ስንዴ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደወጣ፣ መስመሩ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ከዳቦ ቤት ስንት ኩንታል እንደተመለሰ ነው፣ እንዲሁም በእነሱ ሥር ያሉ ሰዎች ምን እንደሚሉ። የምርት ሥራ አስኪያጁ አስተያየታቸውን ይሰጣሉ፣ ድምፅ ግን አይሰጡም። ሰው ራሱን የሚመስለውን መምረጥ ይቀናዋል፣ እኛ ደግሞ የሚያስፈልገን የ2020ን ሥራ የሚችል ነው። ሁለቱም ካልደረሱ ዓመት እየቀረን ስለሆነ ከውጭ ማስታወቂያ እናወጣለን።

የተመረጠው ከጥር 2020 ጀምሮ ወንበሩን ይይዛል፣ ፊርማውም ወደ እሱ ወይም ወደ እሷ ይዞራል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ለቀሩት ስድስት ወራት አማካሪ ሆነው አስተዳደር ሕንፃው ላይ ይቀመጣሉ። ከወፍጮው አጠገብ ከተቀመጡ ሠራተኛው እሳቸው ጋ መሄዱን አይተውም።

ይህ ሁሉ ግን እሳቸውን እንደመግፋት እንዳይሆን አደራ። ረቂቁን መጀመሪያ ያነበቡት እሳቸው ናቸው፣ የግምት ጽሑፉ ሐሳብም የእሳቸው ነው። የጡረታ ማስረጃቸውን፣ በፊት ከሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች ጭምር፣ የእኛ ክፍል ከአሁኑ ይሰበስባል፣ ሐምሌ 2020 ላይ ወረቀት ፍለጋ እንዳይንከራተቱ።

አስተያየታችሁን እስከ ነሐሴ 10 በጽሑፍ ላኩልኝ። ነሐሴ 15 ከሁለቱ እጩዎች ጋር ለየብቻ እንቀመጣለን፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ይገኛሉ። እስከዚያ ድረስ ማንም ለእጩዎቹ ምንም አይንገር፣ ከእኛ አፍ ይስሙት።